ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፦ እናቷን ያጣች ሚስት አጠገብ እንዴት ይቆማል?

የባለቤቴ እናት ያረፉት በጥቅምት ወር፣ ሐሙስ ሌሊት ነው። አርብ ተቀበሩ። እሑድ ሠልስቱ ወጣ። ሰኞ ጠዋት የእድር ልጆች መጥተው ድንኳኑን አወረዱ፤ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ጋሪ ላይ ጭነው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ እሷና ሁለቱ ልጆቻችን ነበርን። ግቢው ውስጥ የድንኳኑ ካስማ የተተከለባቸው ጉድጓዶችና የተበተነ ንፍሮ ይታያል።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር። ማን እንደሚያበስል፣ ማን ቄስ እንደሚጠራ፣ ማን ውጭ እንደሚያድር፣ ሁሉም የታወቀ ነው። ከሰኞ በኋላ ግን ባል ምን እንደሚያደርግ የሚነግር የእድር ደንብ የለም። እኔም እንደ ብዙ ወንድ ነገሩን ለማስተካከል ተነሣሁ። አንዳንዱ ጠቀመ፤ አንዳንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። ከዚህ በታች ያለው ከሁለቱም የተማርኩት ነው። የምጽፈው እንደ ባል ነው፤ ባሏ እናቱን ወይም አባቱን ያጣ ሴት «እሷ» ያልኩትን «እሱ» ብላ ታንብበው፤ ብዙ አይለወጥም።

1. መርዶውን አታቆዩ

ማስተካከል የሚጀምረው ከመርዶ ነው። «አሁን ብንነግራት ትጎዳለች» ይባላል። ፈተና አለባት፣ እርጉዝ ናት፣ ሥራ ላይ ናት፤ ምክንያት አይጠፋም።

መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲቻል የንስሐ አባት ባለበት መነገሩ ጥሩ ልማድ ነው። ሰውየው ብቻውን ሆኖ አይሰማም። ሌሊቱን ሙሉ ሰው በሌለበት ከመቃጠል ይድናል፤ ሲነጋ ጎረቤት ይደርሳል። ለዚህ ተብሎ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይደለም። ቀናት ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። እናቷን ሳትቀብር ከቀረች፣ የደበቀውን ዘመድ ምናልባት ይቅር ትል ይሆናል። አንድ አልጋ ላይ አብሯት ያደረውን ባል ግን ይቅር አትልም። «አንተ እያወቅህ እራት አብረኸኝ በላህ?» የሚለው ጥያቄ ከዓመታት በኋላም ይመጣል።

ስለዚህ ለቀብር መድረስ ከቻለች ትድረስ። ስትነገራትም በግልጽ ይነገራት። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ» ብሎ አውቶቡስ ላይ ማስቀመጥ መንገዱን ሙሉ በተስፋ ማሰቃየት ነው። እርጉዝ ከሆነች ወይም የልብና የደም ግፊት ሕመም ካለባት ሐኪሟን ቀድማችሁ አማክሩና ከዚያ ንገሯት።

ዋሽንግተን፣ ቴልአቪቭ ወይም ዱባይ ላላችሁ ደግሞ ፉክክሩ ከፌስቡክ ጋር ነው። አገር ቤት ያለው የአጎት ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶ ሲለጥፍ ሥራ ቦታ ሆና ታየዋለች። ለዚህ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ እናት በጠና ከታመሙ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ መጀመሪያ የሚደወለው ለእናንተ ይሁን። ወሬው ሲደርሳችሁ ሁለት ጓደኞቿን ጠርታችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን መኪና አታስነዷት።

2. በሦስቱ ቀናት ከኋላ ሁኑ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ እድሩ ያውቅበታል። የእናንተ ድርሻ ሰው የማያያቸውን ነገሮች ማየት ነው። ውኃ ጠጥታለች? የምትወስደው መድኃኒት ካለ ወስዳለች? ሁለት ሰዓት እንኳን የምትተኛበት ክፍል አለ? እኔ የልጆቹን ክፍል ዘግቼ፣ ለእህቷ ቁልፉን ሰጠሁና «ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ማንም እንዳይገባ» አልኳት። ከሁሉም የጠቀማት እሱ እንደነበር ኋላ ነግራኛለች።

አንድ ደብተር ያዙ። ማን እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳመጣ፣ ከሩቅ ማን እንደደወለ ጻፉ። እሷ በዚያ ቀን ፊት ለይታ አታስታውስም፤ ቆይታ ግን ማወቅ ትፈልጋለች። ነገ በእነሱ ሐዘን ላይ መድረስ አለባትና።

ስለ ፈቃድም አንድ ነገር ልበል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወላጅ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይኼ ለእሷ ብቻ አይደለም። ሕጉ በጋብቻ የመጣን የቅርብ ዝምድናም ስለሚጨምር አማቱ የሞተበት ባልም ያገኘዋል። ብዙ ወንድ ይህን አያውቅም። የእኔ ምክር ግን በዚያ ላይ ከዓመት ፈቃዳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቆጥባችሁ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ላለው ሳምንት አስቀምጡ ነው። በሠልስቱ ዕለት ቤቱ ውስጥ አርባ ሰው ነበር፤ ያኔ የእኔ መኖር ብዙም አልታወቀም። ረቡዕ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

3. መጀመሪያ ያልተጠየቃችሁትን አትመልሱ

ሰኞ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሶፋው ላይ ተቀመጥን። እያለቀሰች ነው። እኔም ያለኝን ሁሉ አወጣሁ።

«እማማ እኮ ከሥቃይ ተገላገሉ። አሁን አርፈዋል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሷስ አረፈች። እኔስ?»

መልስ አልነበረኝም። ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን እሷ ስለ እናቷ ዕረፍት አልጠየቀችኝም። «ለልጆችሽ ስትዪ ጠንክሪ»፣ «እሳቸውም አይወዱትም እንዲህ ስትሆኚ»፣ «ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት»፣ «የኔም አባት ሲሞት እኮ...» እነዚህ ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ለቅሶ ቤት በር ላይ ከጎረቤት ሲሰሙ ወግ ናቸው፤ ማንም አይቀየምም። ማታ ከባል አፍ ሲወጡ ግን «በቃሽ» ማለት ይመስላሉ። «አይዞሽ» እንኳን እንደ አባባሉ ነው። እጅ ይዞ ቀስ ተብሎ ሲባል ያጽናናል። ሦስቴ አከታትሎ ሲባል ዝም በይ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይባላል? ትንሽ ነገር። «አጠገብሽ ልሁን ወይስ ትንሽ ብቻሽን ልተውሽ?» ለዚህ በአንድ ቃል መመለስ ትችላለች። ወይም ስለ እናቷ መጠየቅ ነው፤ «ዛሬ ምን አስታወሰሽ?» ሟቹን በስም ማንሣት አትፍሩ። ብዙ ሰው እንዳያስለቅሳት ብሎ የእናቷን ስም ይሸሻል። እሷ የረሳች ይመስል።

ካልሆነም ዝም በሉ። ግን እውነተኛ ዝምታ ይሁን። ስልክ እየነካኩ ዝም ማለት አይቆጠርም። በዚያ ሳምንት አንድ ማታ ሃያ ደቂቃ ያህል አንድም ቃል ሳንናገር ተቀመጥን። እኔ ግድግዳውን አያለሁ፤ ደቂቃው አይሄድም። ከዚያ በራሷ ጊዜ ስለ እናቷ የበርበሬ ዝግጅት ማውራት ጀመረች። በርበሬው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እሷ ሕፃን ሆና ዶሮ ስታባርር። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አወራች።

4. ጸጸት ሲመጣ አትከራከሩ

ይኼ ራሱን የቻለ ክፍል ይገባዋል፤ በጣም የተሳሳትኩበት ነውና።

እናቷ የሞቱት ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። «ማክሰኞ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ» የሚለው ቃል ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከአፏ አልጠፋም። እኔ ወዲያው እንደ ጠበቃ እነሣለሁ። «አይደለም፣ ጥፋትሽ አይደለም፣ ምንም ማድረግ አትችዪም ነበር።» እሷ ትመልሳለች፤ እኔ እመልሳለሁ። በመጨረሻ እሷ ጥፋተኛ መሆኗን ልታስረዳኝ ትደክማለች። እኔ በተከራከርኩ ቁጥር እሷ ማስረጃ ትጨምራለች።

አንድ ቀን ደክሞኝ ይሁን ምን እንጃ፣ «ማክሰኞ ምን ነበር የሆነው? ከጠዋቱ ጀምረሽ ንገሪኝ» አልኳት። ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ነገረችኝ። ቁርስ ላይ ገንፎ እንደቀመሱ። አሥር ሰዓት ላይ «እንሂድ» ብላቸው «ነገ፣ ዛሬ ደክሞኛል» እንዳሉ። ነጠላቸውን አምጥታላቸው እንደመለሱላት። እዚያ ስትደርስ ቆመች። «እንሂድ ብያት ነበር ለካ» አለች።

ሁልጊዜ እንዲህ ያበቃል አልላችሁም። ጸጸቷም በዚያ ቀን አልሞተም፤ እየቀነሰ መጣ እንጂ። ግን ቅደም ተከተሉን ያዙት። መጀመሪያ ታሪኩን እስከ ጫፍ ስሙ። ከዚያ በእርግጠኝነት የምታውቁት ነገር ካለ አንድ ጊዜ ተናገሩ፤ ለምሳሌ ሐኪሙ በቀጥታ የነገራችሁን። የማታውቁትን አትጨምሩ። «ቢወስዷቸውም ይሞቱ ነበር» የሚለውን ሐኪም ካላለው እናንተም አትበሉት፤ ታውቅባችኋለች።

5. «ምን ልርዳሽ?» አትበሉ፤ ሥራ ውሰዱ

«የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ደግ ንግግር ይመስላል። ነገር ግን ያዘነ ሰው ቤቱን ዞሮ አይቶ፣ የጎደለውን ቆጥሮ፣ ለእናንተ ትእዛዝ ማውጣት አለበት ማለት ነው። እሷ ደግሞ ያኔ ሽንኩርት ማለቁንም አታይም።

እንዲህ አድርጉ። በየሳምንቱ እሷ የምትሠራቸውን ነገሮች አስቡና ሦስቱን ሙሉ በሙሉ ውሰዱ። እኔ የወሰድኩት የልጆቹን የትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያን እንዲሁም የስልክ መልስን ነበር። ሙሉ በሙሉ ማለት «እንጀራው የት ነው ያለው?» ሳይሉ ነው። ምሳ ዕቃው መጀመሪያ ሰሞን አሳፋሪ ነበር። ልጄ ሦስት ቀን ተከታታይ ዳቦ በእንቁላል በላ። ማንም አልሞተም።

ከወረቀቱም አንዱን ውሰዱ፤ የሞት ምዝገባ። በወሳኝ ኩነት ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ወረዳ ነው። የሟች መታወቂያና ሞቱ ሐኪም ቤት ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ውስጥ ከሆነ ምን ማስረጃ እንደሚቀበሉ ቀድማችሁ ወረዳውን ጠይቁ። በኋላ ባንክም ጡረታም ፍርድ ቤትም ይህን ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ። ሰርተፊኬቱ ሲወጣ እንደ ድል ዜና ይዛችሁ አትግቡ። የእናቷ ስም «ሟች» ከሚል ቃል አጠገብ የተጻፈበት ወረቀት ነው። እኔ ፖስታ ውስጥ አድርጌ «መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ስትፈልጊ ታዪዋለሽ» አልኳት።

ከውርስ ግን እጃችሁን አርቁ። አማች ስለ ቤትና ስለ ካርታ ቀድሞ ካነሣ፣ ምንም ቢያስብ፣ ወንድምና እህቶቿ ሌላ ነገር ያነቡበታል። ለእሷም ከሐዘኑ ላይ ጠብ ትጨምሩባታላችሁ። እሷ ስትጠይቃችሁ ብቻ፣ እሷ በጠየቀችው ልክ ተናገሩ።

6. ዕቃ አትንኩ

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚያስቆጨኝ ነገር፣ ወደ እማማ ነጠላ ልምጣ።

እማማ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት እኛ ቤት ነበሩ፤ ጓሮ በኩል ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ እኔ ክፍሏን ላጸዳ ገባሁ። የመድኃኒት ብልቃጦቹን በፌስታል ሰበሰብኩ። አልጋውን አነጠፍኩ። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ነጠላቸው ተሰቅሏል። ጫፉ ላይ የወጥ ጠብታ አለ። ከአንሶላው ጋር ዘፈዘፍኩት፣ በኦሞ አጠብኩት፣ ገመድ ላይ አሰጣሁት። እንዲያውም ጥለቱ እንዳይጨማደድ ጎትቼ አስተካከልኩት። ስትመጣ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

ባለቤቴ ዘንቢሉን እንደያዘች ገመዱ ሥር ቆመች። ነጠላውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ምንም ሳትል ገባች። አልጮኸችብኝም። ለካ በየማታው እኔ ሳላያት ወደዚያች ክፍል እየገባች ነጠላውን ታሸተው ነበር። የዕጣንና የቅቤ ጠረን ነበረው፤ የእናቷ ጠረን። እኔ በሃያ ብር ሳሙና አጥፍቼው ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ረጅም ይቅርታ ሳይሆን አጭር፤ «አላወቅኩም፣ ሳልጠይቅሽ መንካት አልነበረብኝም።» ምን አስቤ እንደነበር ማስረዳት ከጀመርኩ እሷ እኔን ማጽናናት ልትጀምር ነው፤ ስለዚህ ተውኩት። በማግስቱም እንደገና ለመካስ ምንም አልገዛሁም። የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ደንቡ ይኼ ነው። የሚበላሸውን ምግብና የሚፈሰውን ብቻ አንሡ። መድኃኒቱን ልጅ እንዳያገኘው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ልብስ፣ መቁጠሪያ፣ መነጽር፣ ስልክ፣ የቡና ስኒ፣ ከትራስ ሥር ያለ ነገር ሁሉ ባለበት ይቆይ። ሌላ ሰው ሊያከፋፍል ከመጣ፣ አክስትም ብትሆን፣ «እሷ ስትዘጋጅ እናደርገዋለን» ብላችሁ በሩን ዝጉ። ያለ ጠብ በሩን መዝጋት የባል ሥራ ነው። ክፍሏ ለኪራይ ወይም ለልጅ የግድ የምታስፈልግ ከሆነ፣ ዕቃውን በአንድ ሻንጣ ሳይታጠብ አኑሩት። መቼ ይከፈት የሚለው የእሷ ነው። የኛ የተከፈተው በሰባተኛው ወር ነው።

7. ስትስቅም አትደነቁ

በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ማታ ቴሌቪዥን እያየን ከት ብላ ሳቀች። «ተመስገን፣ አለፈ» ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ጠዋት ሽሮ እያማሰለች ማማሰያውን ጥላ አለቀሰች። እኔ ወደ ኋላ የተመለሰች መስሎኝ ደነገጥኩ።

ወደ ኋላ መመለስ አልነበረም። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ የሐዘን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ይህን በደንብ ያስረዳል። ያዘነ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ሟቹ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሕይወቱ። ያለቅሳል፤ ከዚያ የልጅ የቤት ሥራ ያርማል፤ ከዚያ እንደገና ያለቅሳል። ጤነኛው መንገድ ይኼ መመላለስ ራሱ ነው። ሐዘን በደረጃ ደረጃ ወጥቶ የሚያልቅ ፎቅ አይደለም።

ለባል ይኼ ምን ማለት ነው? ስትስቅ አብራችሁ ሳቁ፤ «አየሽ፣ ተሻለሽ» አትበሉ። ያቺ ቃል ሳቋን ጥፋት ታስመስላለች። ስታለቅስም ትናንት ስቃ ነበር ብላችሁ አታስቡ። ሥራ መመለስ ከፈለገች ትመለስ። ቤት መዋል ከፈለገችም የምትችሉትን ያህል ትዋል።

እኔም አዝኜ ነበር። እማማ ሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ቡና ያጠጡኝ ሴት ናቸው። ነገር ግን የእኔ ሐዘን ቀድሞ ቀለለ፤ ይኼም አስጨነቀኝ፤ ትዳራችን የተራራቀ መሰለኝ። አንድ ጓደኛዬን ሻይ ቤት አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ መሰልቸቴን ጭምር። «በቃ መቼ ነው የምታበቃው?» ያልኩት እዚያ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቃል የምታወጡበት ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እሷ መሆን ግን የለባትም።

8. አርባው የማነው?

እዚህ ላይ ቤተሰብ ይመለሳል፤ ከእነ ሐሳቡ። የባለቤቴ አጎት ለአርባው ሁለት በግ፣ ድንኳንና መቶ ሃምሳ ሰው ፈለጉ። ታናሽ ወንድሟ «ብር የለንም» አለ። እኔ ደግሞ ነገሩን ልጨርስ ብዬ «እኔ እከፍላለሁ፣ ይደገስ» ልል ጫፍ ደርሼ ነበር። እንኳን አላልኩ።

ማታ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅኳት። አንተ ምን ታስባለህ ብላ ብትጠይቀኝም መጀመሪያ እሷን ሰማሁ። «አንቺ በዚያ ቀን ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? ማንን ማየት ትፈልጊያለሽ? አንቺ ወጥ ቤት ትሆኚያለሽ ወይስ ቤተ ክርስቲያን?» ሦስተኛው ላይ ቶሎ መለሰች፤ «ሠልስት ላይም አንዴ ወጥ ቤት አንዴ ደጅ ስል ፍትሐቱን አልሰማሁም። አርባው ላይ ቆሜ መስማት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ በኋላ የቀረው ሒሳብ ነበር። ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን እንጀራና ዳቦ ተሰጠ። ቤት የመጣው ወደ አርባ ሰው ነው፤ የጾም ምግብ ነበር፤ አርባው በኅዳር መጨረሻ፣ በነቢያት ጾም ውስጥ ነበርና የበጉ ክርክር ራሱን በራሱ ዘጋ። ለአጎቷ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ እሷ እንዲህ ነው የፈለገችው» አልኩ። «እኔ እንዲህ ወስኛለሁ» አላልኩም። ቅር አላቸው። ቅሬታው ግን ወደ እኔ ሆነ፤ ወደ እሷ አልሄደም። እኔም የፈለግኩት እሱን ነው።

ጥቁር ልብሱም እንደዚሁ ነው። አንዷ በአርባ ታወልቃለች፣ ሌላዋ እስከ ሙት ዓመት ትለብሳለች። «አሁንስ አውልቂው፣ ቤቱን አጨለምሽው» የሚል ባል አውቃለሁ። እናንተ አትበሉት።

9. ሐዘን መቼ ሕመም ይሆናል?

ሁሉንም በትዕግሥት ማሳለፍ አይገባም። ራሷን ስለ ማጥፋት ካወራች፣ «እሷ ዘንድ ልሂድ» የሚለውን ከምሬት በላይ አድርጋ ካለችው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ብቻዋን አትተዉአት። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ እየተወች ከከሳች፣ መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ክኒን ከያዘች፣ ወይም ልጆቹን ማየት እስኪያቅታት ከደነዘዘች አርባውን አትጠብቁ።

ከዚያ ውጭ ያለው ረጅም ሐዘን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ለተራዘመ ሐዘን ቢያንስ ስድስት ወር ይላል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ አሥራ ሁለት ወር አድርጎታል። ሁለቱም ጊዜውን ብቻ አያዩም። ሐዘኑ ዕለት ዕለት ያንኑ ያህል እየከበደ፣ ሰውየውን ሥራና ኑሮ ከልክሎት ከሆነ ነው። የባህሉ ወግም ይታያል፤ ሙት ዓመት ድረስ ጥቁር መልበስ በሽታ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ ሰው ያስፈራል፤ ስለዚህ አነጋገሩ ላይ ተጠንቀቁ። «አንቺ ሐኪም ያስፈልግሻል» አትበሉ። «እንቅልፍ ካጣሽ ሦስት ሳምንት ሆነሽ። እስቲ አብረን እንጠይቅ፤ እኔም ገብቼ እቀመጣለሁ» በሉ። ጠበል መሄድ ከፈለገች አብራችሁ ሂዱ። ሐኪም መድኃኒት አዞላት ከሆነ ግን ለጠበሉ ብላ እንዳታቋርጥ።

10. የእሷን ቀን መቁጠሪያ እወቁ

በግንቦት ወር ገደማ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየወሩ አንድ ቀን ባለቤቴ በምንም ነገር ትቆጣለች። ጫማ መሐል ቤት አወለቅክ፣ በሩን አላግባብ ዘጋህ። እኔ ከእኔ ጋር የተጣላች መስሎኝ እኔም እቆጣ ነበር። ሁለት ጊዜ በደንብ ተጣልተናል።

ቀኑን ሳየው ሁልጊዜ 21 ነው። ማርያም። እማማ የማርያም ጽዋ ማኅበር ነበራቸው፤ በየወሩ በ21 ዳቦ ይደፋሉ፣ ጠላው ይቀዳል፣ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታገለግል ነው ያደገችው። ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። 21ን ግን ማንም አላስታወሰላትም። እሷም ራሷ ለምን እንደምትቆጣ የገባት እኔ ስነግራት ይመስለኛል።

እናንተም ፈልጉ። ከሙት ዓመት ሌላ ቀን አለ። የእናቷ በዓል፣ ሁልጊዜ የሚደዋወሉበት እሑድ ማታ፣ በርበሬ የሚዘጋጅበት ሰሞን። ስልካችሁ ላይ መዝግቡትና ከአንድ ቀን በፊት እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። በዋዜማው «ነገ 21 ነው» በሉ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ሰኔ 20 ማታ እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ዝም አለች። ጠዋት ስነሣ ዱቄት አቡክታ አገኘኋት። «ድፎ ዳቦ ልደፋ ነው፤ ኮባ የለንም» አለችኝ። ጫማዬን አደረግኩና ኮባ ልፈልግ ወጣሁ።